ሁለተኛው ማን ነው?

የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2024 የምድብ ጨዋታውን ትቶ 36 ክለቦችን በአንድ ሰንጠረዥ ሲያሰልፍ፣ የስፖርት ዘጋቢዎች አዲሱን አሠራር «የስዊስ ሞዴል» እያሉ ሲያስተዋውቁት ሰምተናል። እያንዳንዱ ክለብ ስምንት ጨዋታ ያደርጋል፣ ከሁሉም ጋር አይገናኝም፣ ደረጃው ግን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ስሙ ያስኬዳል። የስልቱ ነፍስ ግን እዚያ የለችም። በሻምፒዮንስ ሊግ ማን ከማን እንደሚገናኝ ውድድሩ ሳይጀመር በዕጣ ተወስኖ ያድራል። በእውነተኛው የስዊስ ስልት የሁለተኛው ዙር ተጋጣሚ የሚታወቀው የመጀመሪያው ዙር ካለቀ በኋላ ነው። ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈም ከተሸነፈ ጋር ይቀመጣል። ሦስተኛውም ዙር እንደዚሁ የሁለተኛውን ውጤት አይቶ ይደለደላል።

ስልቱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር ስለተሠራበት ነው፤ ሐሳቡ የዩሊየስ ሙለር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ከቼዝ ቀጥሎ አብዝተው የሚጠቀሙበት የካርታ ተጫዋቾች ናቸው። በተለይ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለው ጨዋታ የውድድር ደንቡን በዚህ ስልት ላይ ገንብቷል። ማጂክ በአመዛኙ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንመለከተው ሒሳብ ሁለት ሰው ለሁለት ለሚፋለምበት ማንኛውም የካርታ ጨዋታ ይሠራል። እንደ ኮንከር ብዙ ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ የሚጫወተው ግን ሌላ ሒሳብ ይፈልጋል፤ እዚህ አንገባበትም።

የካርታ ውድድር ቼዝ ላይ የሌለ አንድ ጣጣ አለበት፤ እሱም ዕድል ነው። ቼዝ ላይ ሁለቱም ወገን እኩል ጠጠር ደርድሮ ይጀምራል። ካርታው ተበውዞ ሲታደል ግን ለማን ምን እንደሚደርሰው ማንም አያውቅም፤ ጎበዙ ክፉ ካርታ ደርሶት ይሸነፋል። የብሪጅ ተጫዋቾች ለዚህ የሚያስገርም መላ አበጅተዋል። አንድ ጠረጴዛ ላይ የታደለው ካርታ የአራቱም ተጫዋቾች ድርሻ ሳይቀላቀል በመያዣ ተከቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይዞራል። እዚያ ያሉትም ያንኑ ካርታ ይጫወቱታል፤ ውጤቱ የሚለካውም በተመሳሳይ ካርታ ማን የተሻለ ሠራ በሚል ነው። ማጂክ ላይ ይህ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጨዋታውን መደጋገም ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል፤ ለአንድ ዙርም 50 ደቂቃ ይሰጣል። ከእንግዲህ «ጨዋታ» ስንል አንዷን ነጠላ፣ «ግጥሚያ» ስንል ደግሞ እስከ ሦስት ጨዋታ የሚሄደውን ሙሉ ፍልሚያ ነው።

መደጋገሙ ምን ያህል ይረዳል? ከሌሎቹ ሁሉ የምትሻል አንዲት ተጫዋች እናስብ። ነጠላ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሏ ከማንም ጋር ብትቀመጥ ከመቶ 60 ነው እንበል። ከሦስት ሁለት ሲሆን ዕድሏ ወደ 65 ብቻ ከፍ ይላል። ስምንት ሰው ያለበት ጥሎ ማለፍ ደግሞ ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ ይጠይቃታል። ሦስቱን አባዝተን ስናየው ዋንጫውን የምታነሳው ከመቶ 27 ጊዜ ነው። ከስምንቱ የምትበልጠው ሰው ከአራት ውድድር ሦስቱን ያህል ዋንጫ ሳታነሳ ወደ ቤቷ ትገባለች ማለት ነው። ማንኛውንም የካርታ ውድድር ስናዘጋጅ ይህን ቁጥር በአእምሯችን መያዝ ይበጃል፤ ደንብ ዕድልን አያጠፋም፣ ጉዳቱን ግን ያበዛል ወይም ይቀንሳል።

ጥሎ ማለፍ ከሚያበዙት ወገን ነው። ለአዘጋጅ ግን ቀላል ነው። ስምንት ሰው ካለ ሰባት ግጥሚያ፣ 32 ሰው ካለ 31 ግጥሚያ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ሰው ስለሚወጣ ከአሸናፊው በቀር ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለባቸው። ተመልካችም ይወደዋል። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። «አሊስ ኢን ወንደርላንድ» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ የጻፈው ሉዊስ ካሮል የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሜዳ ቴኒስ ውድድር ሽልማት አሰጣጥ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ይህን ችግር አፍረጥርጦታል። የእሱ ክርክር እንዲህ ነው፦ የተሻለው ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ዕድል የሚባል የለም ብንል እንኳ፣ ከሁሉ የሚበልጠው አንደኛ ይወጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን ከእሱ ጋር በዕጣ አንድ ወገን ከደረሰው ፍጻሜ ሳይደርስ ይባረራል። 32 ተጫዋች ሲኖር እውነተኛው ሁለተኛ የሁለተኝነቱን ሽልማት የማግኘት ዕድሉ ከ31 ውስጥ 16 ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይሻልም። ይህ እንግዲህ ዕድል ፈጽሞ በሌለበት ጨዋታ ነው! ካርታ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። በዚያ ላይ ከስምንቱ አራቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላቸው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ። ለመጫወት ብሎ ለመጣ ሰው ይህ አያስደስትም።

በሌላው ጫፍ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጋጠምበት ስልት አለ፤ የእግር ኳስ ሊጎች የሚሄዱበት ማለት ነው። ለፍትሕ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ያንኑ ተጋጣሚ ስለሚያገኝ «እኔ ከባድ ደረሰኝ፣ እሱ ቀላል ደረሰው» የሚል ክርክር አይነሳም። አደላደሉም ቢሆን ከባድ አይደለም። ስምንት ሰው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አንዱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የቀሩት ሰባቱ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አንድ አንድ ወንበር በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። በሰባት ዙር ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል፤ አንድም ጥንድ ሁለት ጊዜ አይገናኝም። ነገር ግን ሰባት ዙር በ50 ደቂቃ ሲባዛ ምሳና ሽንት ቤት ሳይጨመር ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሰው 32 ከሆነ ደግሞ 31 ዙርና 496 ግጥሚያ ይሆናል። ይህ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም።

ከሰዓቱ የከፋ ሌላ ጉድ አለ። ዙሩ እየገፋ ሲሄድ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ለራሳቸው ምንም ባያተርፉም ለሌላው ግን ዋንጫ መስጠትና መንሣት ይችላሉ። ለወዳጁ የሚለቅ፣ ጥሎ የሚሄድ፣ ቀጣዩን ተጋጣሚ ለመምረጥ ሲል ሆን ብሎ የሚሸነፍ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ላይ በባድሜንተን የሴቶች ጥንድ ምድብ የሆነው ይህ ነው፤ በቀጣዩ ዙር የሚሻል ተጋጣሚ ለማግኘት ለመሸነፍ ይሽቀዳደሙ የነበሩ አራት ጥንዶች ከውድድሩ ተባረዋል። ጥሎ ለሚሄደው የቼዝ ፌዴሬሽኑ አንድ ጥሩ ደንብ አለው፤ ከግጥሚያዎቹ ግማሽ ሳያደርስ የወጣ ሰው ውጤቱ ከደረጃ ሰንጠረዡ ይሰረዛል፤ ካልተሰረዘ ቀድሞ ያሸነፈው ሰው ነጥብ ይዞ ሲቀር ሌላው በፎርፌ ይደሰታል ወይም ይበሳጫል።

የስዊስ ስልት በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ማንም አይባረርም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር ይጫወታል፤ ዙሩ ግን እንደ ጥሎ ማለፉ ጥቂት ነው። ለስምንት ሰው ሦስት ዙር፣ ለ16 አራት፣ ለ32 አምስት ዙር ይበቃል። ሰው በእጥፍ ሲጨምር ዙሩ በአንድ ብቻ ይጨምራል። በጽንሰ ሐሳብ ከማውራት አንድ ውድድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብናካሂድ ነገሩ ይገለጣል። ስምንት ሰዎች እንሰብስብ፤ በሥራቸው እንጥራቸው፤ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ መምህሩ፣ ነጋዴዋ፣ አናጺው፣ ተማሪዋ፣ ሒሳብ ሹሙና ልብስ ሰፊው። ግጥሚያ ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1፣ የተሸነፈ 0 ያገኛል።

የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይደለደላል። ሹፌሩ ነርሷን 2 ለ 0፣ መምህሩ ነጋዴዋን 2 ለ 1፣ አናጺው ተማሪዋን 2 ለ 1፣ ሒሳብ ሹሙ ልብስ ሰፊውን 2 ለ 0 ረቱ። አራት ሰው 3 ነጥብ አለው፤ አራቱ ባዶ ናቸው።

በሁለተኛው ዙር አሸናፊዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ሹፌሩ መምህሩን 2 ለ 1፣ ሒሳብ ሹሙ አናጺውን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከተሸናፊዎቹ ወገን ነርሷ ነጋዴዋን 2 ለ 0፣ ተማሪዋ ልብስ ሰፊውን 2 ለ 1 ረታች። አሁን ሹፌሩና ሒሳብ ሹሙ 6 ነጥብ ይዘዋል፤ መምህሩ፣ አናጺው፣ ነርሷና ተማሪዋ 3፤ ነጋዴዋና ልብስ ሰፊው ምንም።

ሦስተኛው ዙር ላይ አዘጋጁ አንድ ነገር ማየት አለበት። ባለ 6ቱ ይገናኛሉ፤ ባለ ባዶዎቹም ይገናኛሉ፤ መካከል ያሉትን አራቱን ግን እንዳሻው ማጣመር አይችልም። አናጺውና ተማሪዋ በመጀመሪያው ዙር ተገናኝተዋል፤ በስዊስ ስልት ደግሞ አንድ ጥንድ ሁለት ጊዜ አይገናኝም። ስለዚህ አናጺውን ከነርሷ፣ መምህሩን ከተማሪዋ ጋር አስቀመጠ። በእጅ ሲሠራ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ውድድር ከላይ ወደ ታች እያጣመሩ ሲወርዱ መጨረሻ ላይ ቀድሞ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ አንድ ሁለት ጥንድ አፍርሶ እንደገና ማጣመር ነው። በአንዱ የነጥብ እርከን ያለው ሰው ጎዶሎ ቁጥር ከሆነም አንዱ ከታች ካለው እርከን ተጋጣሚ ይፈለግለታል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ሹፌሩ ሒሳብ ሹሙን 2 ለ 1፣ ተማሪዋ መምህሩን 2 ለ 0፣ ነርሷ አናጺውን 2 ለ 1፣ ልብስ ሰፊው ነጋዴዋን 2 ለ 0። ሹፌሩ ሦስቱንም አሸንፎ በ9 ነጥብ አንደኛ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ከእሱ በታች ግን ሒሳብ ሹሙ፣ ነርሷና ተማሪዋ እኩል 6፣ 6፣ 6 ነጥብ ይዘው ቆመዋል። ሁለተኛው ማን ነው? ለሁለተኛና ለሦስተኛ ሽልማት ተዘጋጅቶ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ባዶ እጁን ይሄዳል።

ይህ ያልታደለ አጋጣሚ አይደለም። ስምንት ሰው ሦስት ዙር ከተጫወተና አቻ ካልተፈጠረ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሦስት ያሸንፋል፣ ሦስት ሰዎች ሁለት ያሸንፋሉ፣ ሦስቱ አንድ፣ አንዱ ምንም። የስዊስ ስልት እኩል ነጥብ ማምረቱ የተፈጥሮው ነው። ስለዚህ የመለያ ደንብ የሌለው የስዊስ ውድድር ሥራው ያላለቀ ውድድር ነው፤ ደንቡም የመጀመሪያው ካርታ ሳይታደል ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ሦስቱ እኩል ከወጡ በኋላ የሚወጣ ደንብ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን አንዱን ለመጥቀም የወጣ መምሰሉ አይቀርም።

መጀመሪያ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው «እርስ በርስ ሲገናኙ ማን አሸነፈ?» የሚለው ነው። ሁሉም ከሁሉም በሚጫወትበት ሊግ ይህ ጥሩ መለያ ነው። እዚህ ግን ሒሳብ ሹሙ፣ ነርሷና ተማሪዋ አንድም ጊዜ አልተገናኙም። ስዊስ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ መለያው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ነገር የለውም።

ማጂክ የሚጠቀምበት መለያ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ነጥቡን ያገኘኸው ከእነማን ጋር ተጫውተህ ነው? የእያንዳንዱ ተጋጣሚ የማሸነፍ ድርሻ ይሰላል፤ ሦስት ተጫውቶ ሁለት ያሸነፈ ከመቶ 67፣ አንድ ያሸነፈ 33 ይይዛል። ከዚያ የተጋጣሚዎችህ ድርሻ ተደምሮ ለቁጥራቸው ይካፈላል። አማካዩ ከፍ ያለ ከሆነ ጠንካራ ሰዎችን ገጥመህ ነው ነጥብህን ያገኘኸው ማለት ነው። የቼዝ ሰዎች የእዚህን ዘመድ ቡኾልዝ ይሉታል፤ እሱ ድርሻቸውን ሳይሆን የተጋጣሚዎችን ነጥብ እንዳለ ይደምራል።

እናስላ። ሒሳብ ሹሙ የገጠማቸው ልብስ ሰፊው (33)፣ አናጺው (33) እና ሹፌሩ (100) ናቸው፤ አማካዩ 55.6 ይመጣል። የተማሪዋ ተጋጣሚዎች አናጺው፣ ልብስ ሰፊውና መምህሩ ናቸው፤ ሦስቱም አንድ አንድ ብቻ ስላሸነፉ አማካይዋ 33.3 ነው። ነርሷ ደግሞ ሹፌሩን (100)፣ ነጋዴዋንና አናጺውን (33) ገጥማለች። ነጋዴዋ ሦስቱንም ስለተሸነፈች ድርሻዋ ዜሮ ነው። እንዳለ ብንወስደው የነርሷ አማካይ ወደ 44 ይወርዳል።

እዚህ ላይ የማጂክ ደንብ አንድ ወለል ያበጃል፤ የማንም ተጋጣሚ ድርሻ ከመቶ ከ33 በታች አይቆጠርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነርሷ ነጋዴዋን የገጠመችው ስለፈለገች አይደለም፤ ድልድሉ አመጣላት፤ እሷም አሸነፈች። ነጋዴዋ ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ብትለቅ ወይም ብትዝረከረክ ነርሷ የምትቀጣበት ምክንያት የለም። በተለይ ሰዎች ሁለቴ ሦስቴ ሲሸነፉ ውድድሩን ጥለው በሚሄዱበት ቦታ ይህ ወለል ባይኖር ኖሮ የብዙ ሰው ደረጃ በሄደ ሰው ይወሰን ነበር። ለቅለት ወለሉን አንድ ሦስተኛ ብለን ብንይዘው የነርሷ አማካይ 55.6 ይሆናል፤ ከሒሳብ ሹሙ ጋር እኩል።

እኩል ሲሆን ወደሚቀጥለው መለያ ይኬዳል፤ እሱም ተጫዋቹ ራሱ ከተጫወታቸው ነጠላ ጨዋታዎች ያሸነፈው ድርሻ ነው። ሒሳብ ሹሙ 2 ለ 0፣ 2 ለ 0 እና 1 ለ 2 ስላለው ከ7 ጨዋታ 5 አሸንፏል። ነርሷ 0 ለ 2፣ 2 ለ 0 እና 2 ለ 1 ይዛ ከ7 ጨዋታ 4 አሸንፋለች። ስለዚህ ሒሳብ ሹሙ ሁለተኛ፣ ነርሷ ሦስተኛ፣ ተማሪዋ አራተኛ ሆኑ። ይህም እኩል ቢሆን አራተኛ መለያ አለ፤ የተጋጣሚዎች የነጠላ ጨዋታ ድርሻ። ከዚያ ወዲያ ሽልማቱን ማካፈል ወይም አንድ ጨዋታ መጨመር ነው፤ ሳንቲም መወርወር ግን ለሽልማት አይበጅም።

ተማሪዋ ትቆጣለች። ክርክሯም ባዶ አይደለም። «ከ8 ጨዋታ 5 አሸንፌያለሁ፤ ነርሷ ከ7 ጨዋታ 4 ናት። በእግር ኳስ የግብ ልዩነት ሒሳብ እኔ ፕላስ 2፣ እሷ ፕላስ 1 ናት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» ብትል ሒሳቧ ልክ ነው። በዚያ መለያ ሽልማቱ ለእሷ ነበር። ከዚያም የባሰ አለ። የእሷን ድርሻ የወሰነው እሷ በሌለችበት ጠረጴዛ የሆነ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዙር ያሸነፋት አናጺው በመጨረሻው ዙር ነርሷን ቢረታ ኖሮ የተማሪዋ አማካይ ወደ 44 ይወጣ ነበር፤ ነርሷም በ3 ነጥብ ትቀር ነበር፤ ተማሪዋ ከነርሷ ትቀድም ነበር። እሷ ግን አንድም ካርታ በተለየ መንገድ አትጫወትም ነበር።

ያም ሆኖ እኔ ከሁለቱ የተጋጣሚን ጥንካሬ የሚለካውን እመርጣለሁ። ነርሷ የተሸነፈችው በአንደኛው በሹፌሩ ነው፤ ተማሪዋ የተሸነፈችው ከዚያ በኋላ አንድም ባላሸነፈው በአናጺው። የነጠላ ጨዋታ ልዩነት ዋና መለያ ከሆነ ደግሞ ደካማ ተጋጣሚ የደረሰው ሰው 2 ለ 0 አድርጎ ይጠቀማል፤ ጠንካራውን ታግሎ 2 ለ 1 ያሸነፈው ይጎዳል። ካርታ ላይ በዚህ ላይ ዕድሉ ይጨመርበታል፤ ያቺ የተሸነፈባት አንዲት ጨዋታ ክፉ ካርታ ደርሶት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሷን ከኋላ አስቀምጦ ሌላው ሲያልቅ ብቻ መጠየቁ ይሻላል።

አሁን ውጤቱን በጥሎ ማለፍ ዓይን እንየው። ያው ሰዎች፣ ያው ውጤት ቢሆን ሹፌሩ ዋንጫውን ያነሳል፤ ሒሳብ ሹሙ ፍጻሜ ይሸነፋል። ነርሷና ተማሪዋ በመጀመሪያው ዙር ከአንድ ግጥሚያ በኋላ ይሰናበታሉ። ነርሷ የተሸነፈችው በኋላ ዋንጫ ባነሳው ሰው መሆኑን ማንም ልብ አይልም። ሉዊስ ካሮል ያጉረመረመው ስለ ነርሷ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰው ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ አንዱ ተጋጣሚ ያጣል። ዘጠነኛ ሰው ቢመጣ በየዙሩ አንድ ሰው ያለ ግጥሚያ ያልፋል፤ 2 ለ 0 እንዳሸነፈ ተቆጥሮ 3 ነጥብ ይጻፍለታል። ይህ ነጻ ነጥብ ለመሪው አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ዙር በዕጣ፣ ከዚያ በኋላ ከሁሉ በታች ላለው ሰው ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰው አይደርስም። በመለያው ስሌት ላይ ደግሞ ያልነበረው ተጋጣሚ ድርሻ የለውም፤ አማካዩ የሚወጣው በእውነት ከተገጠሙት ሰዎች ብቻ ነው። ብዙ የቤት ውድድር አዘጋጆች ይህን ረስተው የሌለውን ሰው እንደ ዜሮ ይቆጥሩታል። ይህን የሚያውቁበት ቀላል መንገድ አለ፤ ነጻ ነጥብ ያገኘው ሰው ሁልጊዜ ከእኩዮቹ ግርጌ ላይ ከተገኘ ሰንጠረዡ ተሳስቷል።

ትልልቅ ውድድሮች ስዊስ ብቻ አይደሉም፤ ስዊሱ ስምንት ሰው ያጣራና እነዚያ ስምንቱ በጥሎ ማለፍ ይጨርሳሉ። እዚህ ላይ መለያው ከሽልማት በላይ የሆነ ሥራ አለው። 32 ሰው አምስት ዙር ሲጫወት፣ አቻ ካልኖረ፣ አንዱ አምስቱንም ያሸንፋል፣ አምስት ሰዎች አራት ያሸንፋሉ፣ አሥር ሰዎች ሦስት። ስድስቱ ያለ ክርክር ያልፋሉ፤ የቀሩትን ሁለት ወንበሮች አሥር ሰዎች በ9 ነጥብ ይጠብቋቸዋል። ስምንቱ ሰዎች ከእኩል ነጥብ ጋር በመቶኛ ሽራፊ ተሸኝተው ይሄዳሉ።

ይህን ስሌት ተጫዋቾቹም ያውቁታል፤ የመጨረሻው ዙር ላይ የሚሆነው ነገር የሚመነጨው ከዚህ ነው። ከአራት ዙር በኋላ ሁለት ሰዎች አራቱንም አሸንፈው 12 ነጥብ ይዘዋል፤ ስምንት ሰዎች ሦስት አሸንፈው 9 ነጥብ። ባለ 12ቱ ማለፋቸው የተረጋገጠ ነው፤ ቁጭ ብለው ሻይ ቢጠጡም ያልፋሉ። ባለ 9ኞቹ ግን በአራት ጠረጴዛ ተደልድለዋል። ከአራቱ በሁለቱ ጠረጴዛ አቻ እንውጣ ብለው ቢስማሙ፣ አራት ሰዎች 10 10 ነጥብ ይይዛሉ። ከሌሎቹ ሁለት ጠረጴዛ ያሸነፉት ሁለቱ 12 ይሆናሉ። ባለ 12ቱ ሁለቱ ሲጨመሩ ልክ ስምንት ሰው ሆነ። ሁለት አሸንፈው ሁለት ተሸንፈው ለመጨረሻው ዙር የተቀመጡት 12 ሰዎች ቢያሸንፉም 9 ብቻ ስለሚደርሱ፣ ካርታ ሳይነኩ በሩ ተዘግቶባቸዋል። በሦስተኛ ጠረጴዛም አቻ ከተስማሙ ግን 10 የያዙት ስድስት ይሆናሉ፤ ለእነሱ የቀረው ወንበር አምስት ነውና ከመካከላቸው መለያው ዝቅተኛ የሆነው አንዱ ይወድቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች አቻ ከመስማማቱ በፊት የተጋጣሚዎቹን አማካይ ከሰንጠረዡ ላይ ያያል፤ ከፍ ያለው ይስማማል፤ ዝቅ ያለው ካርታውን በውዞ ይጫወታል።

የማጂክ ደንብ መስማማቱን ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ዋጋ ማስገባት ነው፤ ገንዘብ፣ ከሽልማት ድርሻ ወይም ሌላ ጥቅም ለውጤቱ ማቅረብ ያስቀጣል። አሸናፊውን ዳይ ጥሎ ወይም በሌላ ዕጣ መወሰንም እንዲሁ። እኔ በትንሽ ውድድር ላይ ይህን ነጻነት ባልሰጥ ደስ ይለኛል፤ በስምምነት የሚገኝ አቻ እንደሌለ፣ አቻ የሚመዘገበውም 50 ደቂቃው አልቆ ጨዋታዎቹ 1 ለ 1 ሆነው ሲገኙ ብቻ እንደሆነ በግድግዳው ላይ ከመለያው ደንብ ጎን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ሆን ብሎ እየተንቀራፈፈ ሰዓቱን የሚያባክነውን ለመያዝ ግን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚዞር ዳኛ ያስፈልጋል፤ ለስምንት ሰው አንድ፣ ለ32 ሰው ሁለት ብንመድብ ያዳርሳል።